አፕዴቱ ጓደኛችሁ ጋ ደርሶ እናንተ ጋ ለምን ዘገየ?

ጓደኛችሁ አዲሱን አፕዴት ካገኘ ሳምንታት አልፈዋል፤ እናንተ ጋ ግን የለም? ስልካችሁ አልተበላሸም። ብዙ አፕ ሠሪዎች አዲስ ነገር ለሁሉም በአንዴ አይለቁም። መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ሰጥተው ችግር እንዳለውና እንደሌለው ያያሉ።

በአይፎን እንዲህ በደረጃ የሚለቀቅ አፕዴት 7 ቀን ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን አውቶማቲክ አፕዴት ካበሩት ሰዎች 1 በመቶው ብቻ ያገኙታል፤ ከዚያ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50 እያለ በ7ኛው ቀን ለሁሉም ይዳረሳል። ማን እንደሚቀድም የሚወሰነው በዕጣ ነው። ታዲያ ሳምንታቱ ከየት መጡ? አፑ በየመሀሉ እየተዘጋ ካስቸገረ፣ ሠሪው ሥርጭቱን በድምሩ እስከ 30 ቀን ማቆም ይችላል። ጓደኛችሁ ጋ ሥርጭቱ ከመቆሙ በፊት ደርሷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ወረፋው የሚይዘው አውቶማቲኩን ብቻ መሆኑን ነው። አፕ ስቶር ገብታችሁ፣ አፑን ፈልጋችሁ Update የሚለውን ብትነኩ ወዲያው ይወርድላችኋል። አንድሮይድ ላይ ይህ አይሠራም፤ ዕጣው ካልደረሳችሁ ፕሌይ ስቶር ላይ ቁልፉም አይታይም። ፋይሉን ከሌላ ድረ ገጽ ማውረድን አልመክርም። ምናልባት ሥርጭቱ የቆመው አፕዴቱ ላይ ስህተት ተገኝቶ ይሆናል።