ለነፍሰ ጡር የቀረበ ቅጠል ከመጠጣቱ በፊት እንዴት ይመዘናል

ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሲኒው ለእርሷም ይቀዳል፤ አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍም ጣል ይደረግበታል። ራሷን አሟት እንደሆነ ደግሞ ከጓሮ ዳማ ከሴ ይቀነጠሳል፤ በመዳፍ ታሽቶ ትሸተዋለች፣ ጭማቂውም ከቡና ጋር ይሰጣታል። የምትሰጠው አማት ወይም ጎረቤት ናት፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። አዋላጅ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከቅጠሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ቅጠሉ እየተጠጣ የሚያልፈው ቀን ነው። ስለዚህ መመዘኑን ከሕመሙ እንጂ ከቅጠሉ አልጀምርም።

መጀመሪያ፦ ሕመሙን ጠይቁ

ከሐይቅ አቅራቢያ የመጣች አንዲት ሴት ስምንተኛ ወሯን አጋምሳ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ሲወቅራት ከርሟል። አማቷ “ምች ነው” ብለው ጧትና ማታ የዳማ ከሴ ጭማቂ ሰጥተዋታል። ፊቷ አበጥ ብሏል፣ የጣት ቀለበቷም አልወልቅ ብሏታል። በዚያ ላይ ዓይኔ ብዥ ይላል ትላለች።

“እማማ፣ ምች ስንት ቀን ይቆያል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ዳማ ከሴ ካገኘማ አንድ ቀንም አያድር” አሉኝ።

“ታዲያ ይሄኛው ሦስት ቀን ቆየ።”

ዝም አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ምራታቸውን ደግፈው አስነሡ። ግፊቷ 160 በ110 ነበር፣ ሽንቷም ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ ግፊትን ከፍ አድርጎ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ የእርግዝና ሕመም ነው፤ ሳይታከም ከቆየ ወደ መንቀጥቀጥ ይሄዳል። ሆስፒታል ደርሳ የሚጥለውን መንቀጥቀጥ የሚከላከል የማግኒዥየም መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ተሰጣት፣ ምጧም በመድኃኒት እንዲጀምር ተደርጎ ወለደች። ሕፃኑ አነስ ያለ ነበር፤ ሆኖም በሕይወት ወጣ።

ዳማ ከሴው እዚህ ምንም አላደረሰም እንበል፤ ሦስቱን ቀን ግን በልቷል። ስለዚህ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት ማበጥ ወይም ከደረት በታች ከላይ በኩል የሆድ ሕመም ካለ፣ ቅጠል ከመፈለግ በፊት ግፊት ይለካ። 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ትኩሳትም እንደዚሁ ነው። ደሴ ደጋ ናት፤ ባቲና ከሚሴ ግን ቆላ ናቸው፣ የወባም አገር ናቸው። ከዚያ የመጣች ወይም እዚያ ሰንብታ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ብርድ ብርድ ካላትና ካተኮሳት፣ “ምች” ከመባሏ በፊት የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ወባ በእርግዝና ጊዜ እናቲቱንም ፅንሱንም ይጎዳል፤ ቅጠል አያድነውም።

ቀጥሎ፦ የሚጠጣው ምን እንደሆነ እወቁ

ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት የሚታገሡት፣ የታወቀ ነገር ከሆነ፣ አሁን ወደ ቅጠሉ ተመለሱ። ስሙን ብቻ መስማት አይበቃም። የትኛው ክፍል ነው፤ ቅጠል፣ ሥር ወይስ ቅርፊት? ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ጋር? በባቲ የሰኞ ገበያ በጥቅልል ወረቀት ውስጥ የሚሸጥ ቡናማ ዱቄት ስሙ ምንም ይሁን ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ሻጩም ራሱ ከምን እንደተደባለቀ ላያውቅ ይችላል። ቅርንጫፉ የሚታይና በእርግጥ የሚለይ ተክል ብቻ ለውይይት ይቅረብ።

የምናውቃቸውን ልንገራችሁ። ኮሶ ማህፀንን አጥብቆ የሚያንቀሳቅስና መርዝነት ያለው ነው፤ ለነፍሰ ጡር ከቶ አይሰጥም። የኮሶ ትል ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አስቸኳይ አይደለም፤ መታከሚያ ጊዜውን ሐኪም ይወስናል። እንዶድም በአፍ ከገባ መርዝ ነው። ፌጦና ሬትም በመድኃኒት መልክ ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ምጥ ለማፋጠን ተብሎ የሚሰጥ ማንኛውም መጠጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጉልበቱ ሊለካ አይችልምና ማህፀኑ ያለ እረፍት ሊኮማተር፣ ሕፃኑም አየር ሊያጥረው ይችላል።

ጤና አዳም ለብቻው ይነገርለት፤ ሁሉም ቤት አለና። ሽታው የሚያማልል፣ አንጀት የሚያርስ የሚባል ቅጠል ነው፤ ግን ይኸው ተክል በብዙ አገር የቀረ የወር አበባን ለመመለስ ሲጠጣ ኖሯል። ምክንያቱም ማህፀንን የሚያነሣሡ ነገሮች አሉበት፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም ፅንስን ጎድቷል። በቡና ላይ የምትጣል አንዲት ቅርንጫፍና አንድ እፍኝ ተፈልቶ የሚጠጣ ውሃ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በጣም ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ግን ጠንካራ መድኃኒት ነው። እኔ ነፍሰ ጡሯን ሁለቱንም ተይው እላታለሁ፤ ለሽታው ሲባል መጠኑን በየቀኑ መገመት አይመችም። ባለፈው ሳምንት ሳታውቅ በሲኒ የቀመሰችው ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ከዚያ፦ መጠኑንና ወሩን

ምግብ ውስጥ የሚገባና ለመድኃኒት የሚጠጣ አንድ አይደለም። ወጥ ላይ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ፣ እንደ ምግብ ናቸው። እፍኝ ሲሆኑ፣ ሲጨመቁ፣ ዘይታቸው ሲወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከቅጠል የሚጨመቅ ዘይት በጠብታ ቢሆንም እንኳ በአፍ አይወሰድ።

ለጠዋት ማቅለሽለሽ ብዙ ጥናት የተሠራለት ዝንጅብል ነው። በአብዛኞቹ የተሞከረው መጠን በቀን አንድ ግራም ያህል የደረቀ ዱቄት ሲሆን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ እርሱም ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ። እርጥቡ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ በቀን ይበቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ወይም መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ግን ለሐኪም ሳትነግር አትጀምር። ማስታወኩ ውሃ እንኳ የማያስቀር ከሆነ ደግሞ ዝንጅብልም አይረዳም፤ ሽንት እስኪጠቁር አይጠበቅ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አካላት የሚሠሩበት ስለሆነ ጥንቃቄው ከፍ ይላል። ሻይና ቡና ደግሞ የብረት እንክብል ከሆድ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያግዳሉ፤ እንክብሉን ከአቦል ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቃችሁ ዋጡ። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም ብዙዎቻችን ከቡናው ጋር ነው የምንውጠው።

ከተጠጣ በኋላ

ከጠጣች በኋላ ደም ከታያት፣ ሆዷ እየተቋጠረ ከለቀቀ፣ ተከታታይ ትውከት ከመጣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ሌላ ማርከሻ ሳይሞከር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ከጠጣችው የቀረውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ። “ያበሻ መድኃኒት ወስደሻል?” ተብላ ስትጠየቅ መደበቅ የተለመደ ነው፤ ባለሙያው ግን ያልነገረችውን ማከም አይችልም።

ሰው ቤት ከሆነች ደግሞ ቡና አፍይዋ ጀበናውን ከማንሣቷ በፊት ይነገራት፦ “እትዬ፣ የእኔን ያለ ጤና አዳም ቅጂልኝ፣ አዋላጇ ከልክላኛለች።” ስሜ ይጠራ፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት።