ክሮም ላይ የሚገባ ፓስወርድ ፋየርፎክስ ላይ እምቢ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ የስራ ማመልከቻውን ሊያሳትም መጣ። የኔን ዴስክቶፕ ፋየርፎክስ ከፈተና ማመልከቻው ያለበት ገጽ ላይ ፓስወርዱን ከቴሌግራም ኮፒ አድርጎ ለጠፈ፤ «ተሳስቷል» አለው። የራሱ ላፕቶፕ ላይ ግን ክሮም ሰተት አድርጎ ያስገባዋል።

ሶስተኛው ሙከራ ላይ አስቆምኩት። ብዙ ገጾች ስህተት ሲደጋገም አካውንቱን ይቆልፋሉ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኤክስቴንሽን ነው፤ የኔ ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ አለ። Ctrl+Shift+P ተጭኜ የግል መስኮት ከፈትኩ፣ ክሮም ላይ ቢሆን Ctrl+Shift+N ነው። እዚያ ውስጥ እናንተ ካልፈቀዳችሁ በቀር ኤክስቴንሽን አይሰራም። ቢገባ ኖሮ ወይ ኤክስቴንሽን ወይ የቆየ ኩኪ ነው ማለት ነው፣ ኩኪውን አጥፍቶ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ መዝጋት ነበር። አልገባም። ስለዚህ ችግሩ ያለው ፓስወርዱ ላይ ነው።

ልጁ ፓስወርዱ 20 ፊደል ነው ይላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ በዓይን መቁጠር ያታልላል፣ ክፍት ቦታም ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው። F12 ተጭኜ ኮንሶል ላይ ይህን በእጄ ጻፍኩ፦

```
document.querySelector('input[type=password]').value.length
```

21 አለ። ኖትፓድ ላይ ለጥፌ ከመጨረሻው ጀምሬ በቀስት ቁልፍ ወደ ግራ ሄድኩ። መጀመሪያ አንዴ ስጫን ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም። የማይታይ ፊደል ማለት እሱ ነው። አጠፋሁት። (ይህን ፍተሻ አድራሻ መጻፊያው ላይ እንዳትሞክሩት፣ የለጠፋችሁት ወደ መፈለጊያ ሞተር ሊላክ ይችላል።)

አሁን 20 ሆነ፣ ግን አሁንም እምቢ! እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ አንድ ምክንያት ካገኙ በኋላ ሌላ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ልጁ ላፕቶፑ ላይ chrome://password-manager/passwords ከፈተና የተቀመጠውን አየው። ያለው 16 ፊደል ነው! የመመዝገቢያውን ገጽ ሳየው ሳጥኑ ላይ maxlength="16" ተጽፏል። ሲመዘገብ 20ውን ሲለጥፍ ገጹ ምንም ሳይናገር የመጨረሻዎቹን አራት ቆርጦ ጥሏቸዋል፣ ክሮምም የተቆረጠውን አስቀመጠ። የመግቢያው ሳጥን ግን ገደብ የለውም፣ 20ውን እንዳለ ይልካል፣ ስለዚህ አይገጥምም። ልጁ የሚያውቀው ፓስወርድ አካውንቱ ላይ ኖሮ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን 16 ብቻ አስገባን፣ ከፈተ። ከዚያ ፓስወርዱን ወደ 14 ፊደል አስቀየርኩት፣ ሳይለጥፍ በእጁ እየጻፈ። መቀየሪያው ገጽ የራሱ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ወጥቶ እንደገና እንዲገባ አደረግኩ። ሰራ። ማመልከቻውን አትሜ ሰጠሁት፣ ፋየርፎክስ «ላስቀምጠው?» ሲል አይሆንም አልኩና ሎግ አውት አስደርጌ ሸኘሁት።