አንድ ርዕስ፣ አንድ ምክንያት

የማስጠኛ መተግበሪያ ስታስተዋውቁ «ርካሽ፣ ፈጣን፣ ምርጥ አስጠኚዎች» ብላችሁ ሁሉንም አንድ የማስታወቂያ ርዕስ ላይ አትጫኑ። ቢሠራ እንኳ የትኛው ቃል እንደሠራ አታውቁም። ለ12ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ለምሳሌ፣ አንድ አንድ ምክንያት ብቻ የያዙ ሦስት ርዕሶች ለየብቻ ጻፉ፦

«ኢንተግራል አልገባ አለ? ዛሬ ማታ ከአስጠኚ ጋር» ተማሪው አሁን የተቸገረበትን ይነካል። «ተጣብቀሃል?» ያላልኩት ሴቶቹን ስለሚያስቀር ነው።

«ልጅዎን የሚያስጠናውን መምህር አስቀድመው ያነጋግሩ» እምነት ይፈጥራል። ከፋዩ ወላጅ ስለሆነ «እርስዎ» ይባላል፤ የተማሪውንና የወላጁን አነጋገር አንድ ርዕስ ውስጥ መቀላቀል ሁለቱንም ያርቃል።

«የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በነፃ» የገንዘብ ስጋትን ያስወግዳል።

ሦስቱን አውጥታችሁ ስታወዳድሩ ምስሉ፣ በጀቱና ቀናቱ ለሦስቱም አንድ ይሁኑ። አንዱን በፈተና ሳምንት፣ ሌላውን በእረፍት ብታወጡ የምታወዳድሩት ርዕሱን ሳይሆን ወቅቱን ነው። እያንዳንዱ ማስታወቂያም ለተማሪና ለወላጅ እኩል ይድረስ።

አሸናፊውን በጠቅታ ብዛት አትምረጡ። «በነፃ» የሚለው ብዙ ጠቅታ አምጥቶ ለሁለተኛ ክፍለ ጊዜ የሚከፍል ላያመጣ ይችላል። ከእያንዳንዱ ርዕስ መጥተው ለሁለተኛው የከፈሉትን ቁጠሩ። «ማለፍ የተረጋገጠ ነው» የሚለውን ግን ለሙከራም አትጻፉት፤ ውጤቱን ማንም አስጠኚ ሊያረጋግጥ አይችልም።