የሥራ ቅጥር መቀበያ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? መጀመሪያ ቀን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና ቀሪ ሰነዶች

የቅጥር ደብዳቤ ሲደርስ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ሁለት ነገር ያደርጋል። ለቀጣሪው በስልክ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ለአሁኑ አሠሪውም የመልቀቂያ ማመልከቻ ያስገባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የተባለው ነገር የትም አልተመዘገበም። የመጀመሪያው ቀን ከማስጠንቀቂያው ጊዜ ጋር አልተገናዘበም። አዲሱ ድርጅት «መልቀቂያ አምጣ» የሚለው ደግሞ አሮጌው መልቀቂያ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ይሆናል። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚፈታው በትክክል የተጻፈ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ከሦስት ዓመት በላይ ሠርታለች። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ሌላ ድርጅት ለጅማ ቅርንጫፉ ሊቀጥራት ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ደብዳቤ ልኮላታል። መልስ የሚጠብቀው እስከ ዓርብ ጥቅምት 7 ሲሆን፣ ሥራ እንድትጀምር የጠየቀው «November 3, 2025» ነው።

1. የተጻፈውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ያረጋግጡ

ከአዲስ አበባ የሚመጡ የቅጥር ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋሉ። ስህተቱም እዚህ ይገባል። ኖቬምበርን «ህዳር» ብሎ መተርጎም ስለተለመደ፣ ኖቬምበር 3 በቀላሉ «ህዳር 3» ተብሎ ይያዛል። በትክክል ግን ኖቬምበር 3 ቀን 2025 ጥቅምት 24 ቀን 2018 ነው። ህዳር 3 የሚውለው ኖቬምበር 12 ላይ ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ቅጥሩን የተወ ሊመስል ይችላል። «03/11/2025» ተብሎ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የቱ ወር፣ የቱ ቀን እንደሆነ ይጠይቁ። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ የሳምንቱን ቀን ጭምር ይጻፉ፦ «ሰኞ ህዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)»። የሳምንቱ ቀን ካልገጠመ ከሁለቱ አንዱ አቆጣጠር መሳሳቱ ወዲያው ይታያል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «8:30 AM» ማለት ከጠዋቱ 2፡30 ነው።

2. የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ይቁጠሩ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አዋጁ የሙከራ ጊዜን ሲወስን «60 የሥራ ቀናት» ይላል፤ ለማስጠንቀቂያው ግን «30 ቀን» ብቻ ስለሚል እሑድና በዓሉም ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሰማው የሁለትና የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አሠሪው ሠራተኛን ሲያሰናብት በአገልግሎት ዘመን ልክ የሚሰጠው ነው፤ በፈቃዱ የሚለቅን ሠራተኛ አይመለከትም። ይሁንና የራስዎን የሥራ ውል አውጥተው ያንብቡ። ሌላ ቀን ተጽፎበት ወይም ከሥልጠና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ ፈርመው ከሆነ፣ ቀን ከመስጠትዎ በፊት ያንን መፍታት አለብዎት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቅ።

ቆጠራው የሚጀምረው ማመልከቻው አሠሪው ዘንድ ከደረሰበት ቀን ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ማመልከቻው ላይ በራስዎ እጅ የጻፉት ቀን ለዚህ አይረዳም።

በምሳሌያችን ሠራተኛዋ ማመልከቻዋን ዓርብ ጥቅምት 7 ብታስገባ፣ በድርጅቱ ቅዳሜም የሥራ ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ይጀምራል። ከጥቅምት 8 እስከ 30 ድረስ 23 ቀን አለ። ቀሪው 7 ቀን በህዳር ይሞላና እሑድ ህዳር 7 ያልቃል። ስለዚህ ቀጣሪው የጠየቀው ጥቅምት 24 አይሆንም። ህዳር 8ም ቢሆን የሚሠራው ሁሉም ነገር በቀኑ ከሄደ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቶ ማመልከቻው እስከ ረቡዕ ጥቅምት 12 ሳይመዘገብ ቢቀር፣ 30ው ቀን ህዳር 12 ላይ ይወድቃል። ሰኞ ህዳር 15 ብላ ብትጽፍ ግን መዘግየቱም ተችሎ ክሊራንስ ለመጨረስ ፋታ ይኖራታል። ለቀጣሪ አንድ ሳምንት የራቀ ግን የማይቀየር ቀን፣ ቅርብ ሆኖ ሁለት ጊዜ ከሚገፋ ቀን ይሻላል።

ማስጠንቀቂያውን ሳይጨርሱ መሄድ ዋጋ አለው፦ አሠሪው ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ካሳው ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ የሚወሰደውም ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ነው። አሠሪው ቀደም ብሎ ሊለቅዎት ከተስማማ ስምምነቱን በጽሑፍ ያስሰጡ።

3. ሰነዶቹን በሁለት ይክፈሉ

ቀጣሪው የላከውን የሰነድ ዝርዝር ይዘው፣ አሁን የሚሰጡትንና ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ ብቻ የሚገኙትን ለዩ። የትምህርት ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ የጡረታ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አሁኑኑ የሚሰጡ ናቸው። ቲንም ሆነ የጡረታ ቁጥር ከሰው ጋር የሚዞር ስለሆነ ለአዲሱ ሥራ አዲስ አያውጡ። ድርብ ቁጥር የጡረታ መዋጮን ለሁለት ይከፍላል፤ በኋላ ማስተካከሉም ብዙ ያመላልሳል። የጡረታ ቁጥርዎን ካላወቁት የአሁኑ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ላይ ያገኙታል።

መልቀቂያና ክሊራንስ ግን የሚሰጡት በመጨረሻ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ካዝና፣ ደረሰኝና ሰነድ ቆጥሮ ሳያስረክብ ክሊራንስ አይፈረምለትም። በዚህ በኩል «መልቀቂያ ሳታመጪ ውል አንፈርምም»፣ በዚያ በኩል «30 ቀን ሳይሞላ መልቀቂያ የለም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ውሉ አሁን ተፈርሞ መልቀቂያው ሥራ በተጀመረ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲቀርብ በደብዳቤው መጠየቅ ነው። አብዛኛው ቀጣሪ የሚከለክለው ቀን ያልተቆረጠለትን ነገር ስለሆነ ቀኑን ይቁረጡለት።

የሥራ ልምድ ማስረጃን በተመለከተ፣ አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ በላዩ ላይ መጻፍ አለበት። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ብዙ ቀጣሪዎች ስለሚፈልጉ፣ ሲጠይቁ ይህን አብረው ይጠይቁ። ገንዘብና ንብረት ለሚነካ ሥራ ዋስ ከተጠየቀ ደግሞ ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያመጣው ደብዳቤ ቀን ስለሚፈጅ ዛሬውኑ ያነጋግሩት።

4. ደብዳቤውን ይጻፉ

ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ (የድርጅቱ ስም) የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን ቅጥር መቀበሌን ስለማሳወቅ

በቁጥር (የደብዳቤው ቁጥር) ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ በጅማ ቅርንጫፍ በሒሳብ ሠራተኛነት እንድሠራ የቀረበልኝን ቅጥር፣ በደብዳቤው በተገለጸው ያልተጣራ ወርኃዊ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም መቀበሌን በአክብሮት እገልጻለሁ።

አሁን ለምሠራበት ድርጅት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ በደብዳቤው በተጠቀሰው ጥቅምት 24 ቀን (ኖቬምበር 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) መጀመር አልችልም። ስለዚህ ሥራዬን የምጀምርበት ቀን ሰኞ ህዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ከጠዋቱ 2፡30 እንዲሆን እጠይቃለሁ። ማስጠንቀቂያውን የማስገባው የዚህን ቀን ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዳገኘሁ ስለሆነ፣ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን እንዲያሳውቁኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

የትምህርት ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የቲን፣ የጡረታና የባንክ ሒሳብ ቁጥሮቼን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የመልቀቂያና የክሊራንስ ደብዳቤ የሚሰጠኝ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሲያበቃ ስለሆነ፣ የሥራ ውሉ አስቀድሞ ተፈርሞ እነዚህን ሥራ ከጀመርኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ከሰላምታ ጋር
(ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

«በጅማ ቅርንጫፍ» የሚለውን አይዝለሉት። በቃለ መጠይቁ ላይ ጅማ ተብሎ በቅጥር ደብዳቤው ላይ የሥራ ቦታ ካልተጻፈ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት እንዲነሳ ያደርጋል። «ያልተጣራ» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ የጡረታ መዋጮና ግብር ከመቀነሱ በፊት ስላለው ደመወዝ እየተነጋገሩ እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። በአንጻሩ ለአዲሱ ሥራ ያለዎትን ጉጉት የሚገልጽ ረጅም አንቀጽ አያስፈልግም፤ ቀኑን ይሸፍንብዎታል።

5. ይላኩ፣ መልስ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይልቀቁ

የተፈረመውን ደብዳቤ በፒዲኤፍ አድርገው፣ የቅጥር ደብዳቤው በመጣበት ኢሜይል ላይ መልስ አድርገው ይላኩ። ቀጣሪው በቴሌግራም የሚያነጋግርዎት ቢሆንም ዋናው በኢሜይል ይሂድ፤ በቴሌግራም መላክዎን ብቻ ያሳውቁ። በተባለው ቀን መልስ ካልመጣ ደውለው፣ በስልክ የተስማሙበትን ወዲያው በኢሜይል ጽፈው ይላኩ። የመልቀቂያ ማመልከቻዎን ከመልሱ በፊት አያስገቡ። ቅጥሩ በማጣራት ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ለምሳሌ «የቀድሞ አሠሪ አስተያየት ከታየ በኋላ» የሚል ካለበት፣ ያ ማለቁንም በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። መዝገብ ቤት የሌለው አነስተኛ ድርጅት ከሆነ ኃላፊው «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልከው ደረሰኙን ይያዙ።

ሥራው ካበቃ በኋላ ቀሪ ደመወዝዎና ሌላ ክፍያዎ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ክሊራንሱን ካጓተተና ለአዲሱ ቀጣሪ የሰጡት 10 ቀን እየቀረበ ከሆነ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ማኅተም ያለበትን የማመልከቻ ቅጂ ስካን አድርገው ይላኩለትና አዲስ ቀን ይጠይቁ። መቼ ማስጠንቀቂያ እንደሰጡና 30ው ቀን መቼ እንደሞላ የሚያሳየው እሱ ነው።