የሄድሴቱ ማይክ ስልክ ላይ ይሰራል፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ዝም ይላል፦ እንዴት ይስተካከላል?

የእህቴ ልጅ ደውላ «አጎቴ፣ ማይኩ ሞቷል» አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ በኮምፒውተር የምታደርገው የስራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ያንኑ ሄድሴት ስልኳ ላይ ሰክታ በቴሌግራም ስትደውልልኝ ግን ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ። ማይኩ ደህና ነው ማለት ነው። ዴስክቶፑ ላይ ዘፈን ይሰማታል፣ እሷን ግን ማንም አይሰማትም። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ ሄድሴቱን ከመጣላችሁ በፊት የሚሰካውን ጫፉን እዩት።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ጥቁር ናቸው፣ ነጭም ይሆናሉ። ሦስት ቀለበት ካለው ብረቱ አራት ቦታ ተከፍሏል። ከሹሉ ጫፍ ስንጀምር የግራ ጆሮ፣ የቀኝ ጆሮ፣ የጋራ መመለሻ ወይም ግራውንድ፣ መጨረሻ ላይ ማይክ። የስልክ ሄድሴት እንዲህ ነው። ሁለት ቀለበት ብቻ ከሆነ ብረቱ ሦስት ቦታ ነው የተከፈለው፤ በዚያ አንድ ገመድ ሁለቱም ጆሮና ማይክ አብረው አይሄዱም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን እዩ። ላፕቶፑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለውና አጠገቡ ማይክ ያለው የሄድሴት ምልክት ካለ፣ ባለ ሦስት ቀለበቱን በቀጥታ ይቀበላል። ዴስክቶፕ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አረንጓዴና ሮዝ ቀዳዳ ለየብቻ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም የተሰሩት ለባለ ሁለት ቀለበት ነው። አረንጓዴው ድምፅ ያወጣል እንጂ ማይክ የሚቀበልበት ነገር የለውም። ሮዙ ደግሞ ማይኩን የሚጠብቀው ሹሉ ጫፍ ላይ ነው፣ የእኛ ሄድሴት እዚያ ቦታ ላይ ያለው የግራ ጆሮ ነው። ስለዚህ ሮዙ ላይ ስትሰኩት ኮምፒውተሩ የሚያዳምጠው ጆሮ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ስፒከር ነው። ስፒከር ደግሞ ደካማ ማይክ መሆን ይችላል! የእህቴ ልጅ የግራውን ጆሮ አፏ ላይ አስጠግታ ጮክ ብላ ስትናገር ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «ማይኩ ደክሟል» ብሎ የሚሳሳተው።

መፍትሄው ስፕሊተር የምትባል አጭር ገመድ ናት። ስትገዙ ተጠንቀቁ፣ ሦስት ዓይነት የሚመሳሰሉ አሉ። እናንተ የምትፈልጉት አንድ ቀዳዳና ሁለት የሚሰኩ ጫፎች ያሉትን ነው፤ ጫፎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀለበት አላቸው፣ አንዱ ላይ የጆሮ፣ ሌላው ላይ የማይክ ምልክት አለ። አንድ ጫፍና ሁለት ቀዳዳ ያለው ወይ ለሁለት ሰው አንድ ዘፈን ማዳመጫ ነው፣ ወይ የዴስክቶፕ ሄድሴትን ወደ ስልክ ማገናኛ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያመጣችው የሁለት ሰውን ነበር፣ ተመልሳ ቀየረችው።

የጆሮውን ጫፍ አረንጓዴው፣ የማይኩን ሮዙ ላይ ሰኩ። ከሲፒዩው ጀርባ ብትጀምሩ ይሻላል፣ ያገለገሉ ዴስክቶፖች የፊት ቀዳዳቸው ከውስጥ ሳይገናኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና R አብራችሁ ተጭናችሁ ይህን ጻፉ፦

```
mmsys.cpl
```

Enter ተጫኑ፣ Recording የሚለውን ክፈቱና ማይኩን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ቧጭሩት። አረንጓዴው መለኪያ ከፍ ዝቅ የሚልበት መስመር የእናንተ ማይክ ነው። ስትናገሩ ብቻ ካያችሁ የዌብካም ማይክ ሊያታልላችሁ ይችላል፣ ቧጭሩት ያልኩት ለዚህ ነው። ያንን መርጣችሁ Set Default በሉት። የምትደውሉበት ፕሮግራም የራሱ የማይክ ምርጫ ስላለው እዚያም ያንኑ ምረጡ።

አንዳንድ የድሮ ሄድሴቶች የማይኩና የግራውንዱ ቦታ ተገለባብጦባቸዋል። እነዚህ ላይ ዘፈኑ ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል፤ ገመዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ግን ይመለሳል። እንዲህ ካደረገ ተራው ስፕሊተር ማይኩን አያስተካክለውም፣ የሚያገለባብጥ ሌላ ገመድ ይፈልጋል። ርካሽ ሄድሴት ከሆነ መቀየሩ ይቀላል።

ሲፒዩው መሬት ላይ ሆኖ ገመዱ ካጠረባችሁ ደግሞ፣ በሄድሴቱና በስፕሊተሩ መካከል የምትጨምሩት ማስረዘሚያ የግድ ባለ ሦስት ቀለበት መሆን አለበት፣ ባለ ሁለቱ ማይኩን እዚያው ያስቀረዋል። ከስፕሊተሩ በኋላ ከሆነ ግን ባለ ሁለት ቀለበቱ ይበቃል፣ ለየጫፉ አንድ አንድ።