በቀይ የደም ሴል መሃል የሚያብረቀርቅ ቀለበት ሲታይ

ደብረ ብርሃን ላይ የማስጠናት የአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ በጊምሳ የተቀለመ የደም ስላይድ ምስል አሳየችኝ። በብዙዎቹ ቀይ ሴሎች መሃል ጠርዙ የጠራ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ነበር። «ጋሼ፣ ኒውክሊየስ ነው ወይስ የወባ ተውሳክ?» አለችኝ። የበሰለ የሰው ቀይ ሴል ኒውክሊየስ የለውም። መሃሉ የሚሳሳው ደግሞ ቀስ በቀስ ነው እንጂ እንዲህ በተሳለ መስመር ተከብቦ አይደለም።

የማቅለሚያውን ጊዜ ብናራዝምም፣ ሌንሱን ብናጸዳም ቀለበቱ አልጠፋም። ፍንጩን የሰጠን በመቶ እጥፍ የዘይት ሌንስ ሥር ትንሿን የማስተካከያ ጎማ በቀስታ ማዞር ነው። ቀለበቱ አንዴ ብሩህ፣ አንዴ ጥቁር ይሆናል፤ የራሱ ቀለም የለውም። የወባ ተውሳክ ቢሆን ቀይ ነጥቡና ሰማያዊ አካሉ በቀለማቸው ይለዩ ነበር።

መንስኤው እርጥበት ነው። በደጋው ብርድ የተቀባው ደም ቀስ ብሎ ሲደርቅ ውኃ ሴሉ ውስጥ ይቀራል። ደሙን ስላይዱ ላይ የምናጸናበት ሜታኖልም ክዳኑ ተከፍቶ ቆይቶ ከአየር እርጥበት ከሳበ ይህንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ አዲስ ስላይድ ቀብተን ወዲያውኑ በአየር ማራገቢያ አደረቅነው፤ ከዚያም አዲስ ከተከፈተ ጠርሙስ በተቀዳ ሜታኖል አጸናነው። ቀለበቶቹ ጠፉ፤ ለስላሳው የመሃል መሳሳት ታየ። የቀድሞው ስላይድ ግን ከደረቀና ከጸና በኋላ አይድንም።