የቡና ማኅበር ሰብሳቢን በምስጋና ስንሸኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ሰብሳቢው የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ሲሰናበት፣ የምስጋናው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በጉባኤው ዋዜማ ማታ ነው። ጸሐፊው ሪፖርቱን ያገላብጥና ትልቁን ቁጥር አውጥቶ ከሰውየው ስም ጎን ያስቀምጠዋል። ሌሎቹን ስህተቶች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ይህን ግን ስንት ጊዜ ሰምቼ ዝም ልበል?

የገበያውን ሥራ ለሰብሳቢው መስጠት። «ገቢያችንን ከ4 ሚሊዮን ወደ 21 ሚሊዮን ብር ያሳደጉልን» ይባላል፤ ይጨበጨባል። እስቲ በምሳሌ እንየው። ማኅበሩ በ2012 ዓ.ም. 40,000 ኪሎ ንጹሕ ቡና በ100 ብር ሸጠ እንበል፤ 4 ሚሊዮን ብር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 42,000 ኪሎ በ500 ብር ሸጠ፤ 21 ሚሊዮን። አሁን የኋለኛውን ቡና በድሮው ዋጋ አባዙት፤ 4.2 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ከ17 ሚሊዮኑ ጭማሪ 16.8 ሚሊዮኑን ያመጣው ዋጋ ነው። ዋጋው ደግሞ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ በሐምሌ 2013 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፣ በኋላም ድርቅ ተከተለ፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰብሳቢያችን ብራዚል ላይ ውርጭ አላዘነቡም።

ገበሬው ይህን አያውቅም ብላችሁ አትሳቱ። ዋጋው ለጎረቤት ቀበሌ ነጋዴም እኩል እንደጨመረ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚያጨበጭበው ለሰውየው አክብሮት ሲል ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዋጋው ሲወርድ ነው። መውጣቱን የሰብሳቢው ሥራ ካደረጋችሁት፣ መውረዱም የአዲሱ ሰብሳቢ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

ታዲያ በምን ይመስገኑ? ዋጋ ሊነካው የማይችለውን ነገር ፈልጉ። አንድ ኪሎ ንጹሕ የታጠበ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ማኅበሩ ቀድሞ 7 ኪሎ ይፈጅ ከነበረና አሁን ወደ 6 ከወረደ፣ ያልበሰለ እሸት መቀበል ቀርቷል፣ ሚዛኑም ተስተካክሏል ማለት ነው፤ ይህ የአመራር ሥራ ነው። እንዲሁም በዚያው ሳምንት ነጋዴው ለእሸት ከከፈለው ማኅበሩ የከፈለው ይበልጥ እንደሆነ አስሉ። የክፍያ ቀንንም ተመልከቱ። የማውቃቸው አንድ ሰብሳቢ ለእያንዳንዱ ርክክብ ሁለት ደረሰኝ እንዲቆረጥ አደረጉ፤ አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለመዝገቡ። ምሽት ላይ የደረሰኞቹ ድምር ከገባው ቡና ጋር ካልገጠመ የመጋዘኑ በር አይዘጋም ነበር። በስንብታቸው ቀን ስለ ሚሊዮኖች ተነገረ እንጂ ስለ ደረሰኙ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ «ከእሳቸው በፊት ስንት ኪሎ እንዳስረከብኩ የማውቀው በጸሐፊው ቃል ነበር» አሉ። የዕለቱ ምስጋና እሱ ነበር።

ዕዳውን መደበቅ። «የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገነቡ» ከተባለ የባንኩ ብድር ስንቱ ተከፍሎ ስንቱ እንደቀረም በዚያው ዐረፍተ ነገር ይነገር። የሚከፍሉት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ናቸው። ደግሞም ቦርዱ ወሰነ እንጂ ጣቢያውን ያሠራው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እሱንም ጥሩት።

ከኦዲት በፊት ማመስገን። የኦዲትና የቁጥጥር ኮሚቴ ሪፖርት ይቅደም። ምስጋናው ከቀደመ የኦዲቱን ጥያቄ ማንሳት ነውር ይመስላል፤ አንዳንዱም ቅደም ተከተሉን የሚለውጠው ለዚሁ ሲል ነው።

ከነገሥታት ጋር ማወዳደር። አንድ ተናጋሪ ተሰናባቹን «የዘመናችን አባ ጅፋር» ሲል ሰምቻለሁ። የንጉሡ የጅሬን ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ ቆሞ ይታያል፤ ተሰናባቹ ግን ስድስት ዓመት ስብሰባ መርተዋል። አንገታቸውን ደፍተው ያዳመጡት ተሰናባቹ ራሳቸው ነበሩ።

ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «በእርስዎ ዘመን የቡና ዋጋ ጨምሯል፤ እሱ የገበያው ነው። ገበሬው በደረሰኝ ማስረከብና በወቅቱ መከፈል የጀመረው ግን በእርስዎ አመራር ነው። የማጠቢያ ጣቢያው ብድር ግማሹ ተከፍሏል፤ ቀሪውን አዲሱ ቦርድ ይረከባል። እናመሰግናለን።» በጅማ አናጢዎች የተሠራ ጥሩ በርጩማ ከጎኑ ይቅረብ፤ ዋጋውን ግን ጉባኤው አስቀድሞ ያጽድቀው።